ወደ ታች የምትወርድ ጣት

እማማ ሸጋ የግምጃ ቤት ከተማን ሕፃናት አፍንጫ ያቀኑ ሴት ናቸው። አራስ ቤት ሲጠሩ ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው የሕፃኑን አፍንጫ ግራና ቀኝ ይይዙና ወደ ግንባር ይስባሉ። ሰልካካ ኮረዳ በገበያ ስታልፍ «የእኔ ሥራ ናት» ይላሉ፤ እናቷ ብትሰማም ግድ የላቸውም።

የልጃቸው የፍቅርአዲስ ልጅ ቤዛዊት ገና አራስ ሳለች ቀኝ ዓይኗ እንባ ያቀር ጀመር። ጠዋት ጠዋት ሽፋሽፍቶቿ በዓይናር ይጣበቃሉ። እንጅባራ ሆስፒታል ወሰዷት፤ የዓይን ነርሷ አምሳለ በባትሪ አየቻት።

«ዓይኗ ጤነኛ ነው። እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ ጫፉ በስስ ሽፋን ተደፍኗል። በአብዛኞቹ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው ይከፈታል። እስከዚያ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እየጠረጋችሁ ከዓይኗ ጥግ ወደ ታች እሹላት። ጥጉ አብጦ ከቀላ ወይም ካተኮሳት ግን ማሸቱን ትታችሁ ቶሎ አምጧት። በዓመቷ ካልተከፈተ ሐኪም በቀጭን ሽቦ ይከፍተዋል።»

ሽቦ ሲባል ፍቅርአዲስ ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች።

«ማሸቱን ለእኔ ተዪው» አሏት እናቷ።

ወራት አለፉ፤ ዓይኑ አልደረቀም። ቤዛዊት መዳህ ከጀመረች በኋላ አንድ ጠዋት ፍቅርአዲስ የእናቷን እጅ ትክ ብላ አየች፤ ጣታቸው ወደ ግንባር ይስባል።

«እማዬ፣ ወደ ታች አይደል የተባለው?»

«ወደ ታች ባሸው አፍንጫዋ ይደፈጠጣል። ማን ያገባታል?»

«እንባዋን እያዘራች ስትኖርስ ማን ያገባታል?»

በማግስቱ እንጅባራ ተመለሱ። አምሳለ አልተቆጣችም። የእማማ ሸጋን እጅ አስታጥባ፣ ጥፍራቸውን አስቆርጣ፣ ጣታቸውን ከሕፃኗ ዓይን ጥግ፣ ከአፍንጫው አጥንት ጎን አሳረፈችው።

«የእንባው ከረጢት እዚህ ነው። ጫን ይበሉና ወደ ታች ይውረዱ፤ ደጋግመው፣ በቀን ጥቂት ጊዜ። ሽፋኑን የሚበጥሰው ግፊቱ ነው። አፍንጫዋ ምንም አይሆንም እማማ፤ ቅቤም አያስፈልግም።»

ከዚያ ወዲያ እማማ ሸጋ እንደተባሉት አሹ። ቤዛዊት ግን ዓመት ሞልቷትም ዓይኗ ያቀራል።

ባሕር ዳር ሆስፒታል፣ ሽቦው እንዲገባላት በማደንዘዣ አስተኝተዋት የሕክምና ክፍሉ በር ሲዘጋ ፍቅርአዲስ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። እማማ ሸጋ ወንበር ቢሰጧቸውም አልተቀመጡም፤ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው በሩን ያያሉ። ብዙ ሳይቆይ ሐኪሙ ዶክተር ይኸነው ወጣ።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ የደፈንኩት?» አሉት እማማ ሸጋ።

«አብሯት የተወለደ ነው እናቴ። በደንብ ታሽቶም የማይከፈት አለ። ሽቦው አልፏል፤ ውኃ ስንልክም ወደ አፍንጫዋ ወርዷል።»

ልጅቷ ነቅታ ስታለቅስ ደም የነካው እንባ በጉንጯ ወረደ። እማማ ሸጋ ክው አሉ።

«ይኸው ይፈሳል!»

«ሲያለቅሱማ የማን እንባ አይፈስም? ትንሹ ደምም ዛሬ ወይም ነገ ይጠፋል። ዝም ስትል ይዩዋት» አላቸው ሐኪሙ።

ፍቅርአዲስ ጡት አጎረሰቻት። ለቅሶው ወደ ሲቃ፣ ሲቃውም ወደ መምጠጥ ተለወጠ። እማማ ሸጋ በነጠላቸው ጫፍ ጉንጯን አደረቁና እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ እንባ ይሞላ እንደሆነ ቀኝ ዓይኗን ጠበቁ።

አልሞላም። ጥቂት ቆዩ፤ አሁንም አልሞላም።