በኢሜይል የሄደ ሽምግልና

አጎቴ በሕይወታቸው አንድም ነገር በቀጥታ ጠይቀው አያውቁም። ወጡ ጨው ሲያንሰው እንኳ «ዛሬ ወጡን ማን ሠራው?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ብረት ሲገዙ ሰው ይልካሉ፣ ያዋሱትን ጄኔሬተር ለማስመለስ ሰው ይልካሉ። እናቴ ታናሽ እህታቸው ናት፤ አንድ ግቢ እየኖሩ ሲኮራረፉ እሷም ላይ ሰው ይልኩባታል። እኔም ሞኟ፣ ባሕር ማዶ ላለ ድርጅት በራሴ እጅ ጥያቄ ልጽፍ ነው ብዬ የነገርሁት ለእኒሁ ሰው ነው።

እኔ በያጅ ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቼ ብየዳ ተማርሁ፤ ከዚያ አጎቴ ጣና ዳር ባላቸው ወርክሾፕ የብረት ጀልባ ስበይድ አራት ዓመት ሞላኝ። በዚህ መካከል የውሃ ታንከርና ትልልቅ ቧንቧ እየዞረ የሚተክል አንድ ድርጅት የብየዳ ተቆጣጣሪ ፈለገ። ኃላፊው ሥራዬን አይቶ፣ «በያጅማ ሞልቷል። የሌላውን ብየዳ መርምሮ ይህ ይለፍ፣ ይህ ይፍረስ የሚል ነው የጠፋው። የተቆጣጣሪነት ምስክር ወረቀት አምጭ፣ ቦታውን እስከዚህ ዙር ፈተና አቆይልሻለሁ» አለኝ። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ውጭ አገር ያለ የሙያ ማረጋገጫ ድርጅት ነው። ለፈተና ለመቀመጥ መስፈርት አለው፤ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ያጠናቀቀ ሰው አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፣ ከዚያ በላይ የሙያ ትምህርት ያለው ግን አራት ይበቃዋል።

ጉዳዬ የተንጠለጠለው እዚች ላይ ነው። ኮሌጅ የገባሁት በድሮው ሥርዓት፣ ከአሥረኛ ክፍል ነው። ያኔ እኛ ዘንድ አሥረኛን የጨረሰ ወደ ሙያ መሄድ ይችል ነበር፤ እነሱ ዘንድ ግን አሥረኛ ላይ ያለ ልጅ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ታዲያ የእኔ የብየዳ ትምህርት «ከሁለተኛ ደረጃ በላይ» ይባላል ወይስ አይባልም? ከተባለ በዚህ ዙር እፈተናለሁ። ካልተባለ ሌላ ዓመት ጀልባ ስበይድ እከርማለሁ፣ ቦታውም ለሌላ ሰው ይሄዳል። የድርጅቱ ድረ ገጽ «የቀድሞ ትምህርታችሁ መስፈርቱን ማሟላቱን ከተጠራጠራችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ጻፉልን» ይልና የኢሜይል አድራሻ ያስቀምጣል።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳኋቸው። ብረት የሚሞርዱበትን ግራይንደር አጠፉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሙኝ።

«አንች ራስሽ ልትጠይቂ?» አሉ።

«እና ማን ይጠይቅልኝ?»

«ሰው የለሽም? ሰው እያላት ‹እኔ እበቃለሁ ወይ› ብላ ለገዛ ራሷ የምትጠይቅ ልጅ ምን ትባላለች? ሽማግሌ ይሂድ እንጅ።»

«አጎቴ፣ አገሩ እኮ ባሕር ማዶ ነው።»

«ደብዳቤው ይሄድ የለ? እኛም አብረነው እንሄዳለን» አሉና ግራይንደራቸውን አስነሱ። ግራይንደር ከተነሳ በኋላ ከእሳቸው ጋር መከራከር አይቻልም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ፋሲሎ ሰፈር ባለው ቤታችን ሦስት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንዱ አጎቴ ናቸው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ጎረቤታችን፣ ሦስተኛው ከይፋግ ሩዝ እያመጡ የሚነግዱ የአጎቴ ባልንጀራ። ነጋዴው ይመርቃሉ፣ መምህሩ ይተረጉማሉ፣ አጎቴ ያዝዛሉ። የሚላከውም በመምህሩ አድራሻ ሆነ። እኔ ከጎናቸው ልቀመጥ ስል መምህሩ «ጉዳዩ ያንች ስለሆነ አንች ውጭ» አሉኝ። ወጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥሁና አዳመጥሁ።

መጀመሪያ ለድርጅቱ፣ ለሠራተኞቹና ለቤተሰቦቻቸው ሰላምታ ቀረበ። ቀጥሎ የዘንድሮ ክረምት እንዴት እንደያዛቸው ተጠየቀ። ከዚያ ልጅቱ ከማን ወገን እንደሆነች፣ እሳት እንደማትፈራ፣ ለታላላቆቿ አንድ ቀን እንኳ ክፉ መልሳ እንደማታውቅ ተዘረዘረ። እዚህ ላይ እናቴን ሳል ያዛት። ስለ ኮሌጁም ሆነ ስለ አሥረኛ ክፍል ግን አንድ ቃል አልነበረም። ነጋዴው «ጥያቄውስ?» ብለው አንስተው ነበር፤ አጎቴ «በመጀመሪያ ቀን ጉዳይ አይነሳም» ብለው ዘጉት።

ኢሜይሉ በተላከ በደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ። መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፣ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ እንመልስልዎታለን ይላል። ይህ ኮምፒውተሩ ለሁሉም ሰው በራሱ የሚልከው ነው ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ነጋዴው ግን «ምን ያሉ ሰው አክባሪዎች ናቸው! ሥራቸውን ጥለው ነው የተነሱልን» ብለው ሲደሰቱ ሳይ መልሼ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የት እንደሚደርስ ማየትም ፈልጌ ነበር።

እውነተኛው መልስ በሳምንቱ መጣ። መምህሩ በዝግታ ተረጎሙት፤ «ስለ መልካም መልእክትዎ እናመሰግናለን። የግል መረጃን ለመጠበቅ ሲባል ግን ስለ አመልካች ብቁነት የምንነጋገረው ከአመልካቿ ጋር ብቻ ነው። እባክዎ ከራሷ አድራሻ እንድትጽፍልን ይንገሯት።»

«ይኸው፣ አባረዋችኋል» አልሁ።

«አልገባሽም» አሉ አጎቴ። «ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሽ ተብሎ ያውቃል? ‹እስቲ ልጅቱን እናነጋግራት› ይባላል። እነሱም ያሉት ይህንኑ ነው። በሩን ከፍተውልናል።»

እንግሊዝኛውን በገዛ አፋቸው የተረጎሙት መምህር ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው ኢሜይል ከመጀመሪያው ረዘመ። የመጣለት መልስ ግን ቃል በቃል ያው የበፊቱ ነበር። «ቃላቸውን የማይለውጡ ጨዋዎች ናቸው» አሉ ነጋዴው፣ ለሦስተኛውም ቀጠሮ ተያዘ።

የፈተናው መመዝገቢያ ደግሞ ሊዘጋ እየተቃረበ ነው። ሳቁ ከውስጤ ጠፋና መፍራት ጀመርሁ። አንድ ጠዋት አጎቴ ብረት ሊያዩ ሲወጡ፣ ገና ቀለም ያልተቀባች ጀልባ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ጻፍሁ። አመልካቿ እኔ ነኝ፤ አሥር ዓመት መደበኛ ትምህርት ተምሬ ኮሌጅ ገባሁ፣ በብየዳ ደረጃ አራት ጨረስሁ፣ አራት ዓመት በሙያው ሠራሁ። ይህ ኮርስ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለ የሙያ ትምህርት ተብሎ ይያዝልኛል? ለዚህስ ምን ማስረጃ ልላክ? ሰላምታዬ አንድ መስመር ብቻ ነበረች። ስልከው ባለጌ የሆንሁ መሰለኝ፤ ደግሞም ደስ አለኝ።

እነሱም ፍርጥ አድርገው መለሱልኝ። በኮርሱ ስም ብቻ መወሰን አይቻልም፤ የሚታየው ከስንተኛ ክፍል መግባትሽ ሳይሆን የትምህርቱ ደረጃና ይዘት ነው፤ ስለዚህ ኮሌጁ ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ ለእኛ ይላክ፣ የየኮርሱም ይዘትና ሰዓት አብሮ ይምጣ። የምንሰጥሽ መልስ ቅድመ ግምገማ ነው፤ የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው ሙሉ ማመልከቻሽ ገብቶ የሥራ ልምድሽ ከተረጋገጠ በኋላ ነው አሉኝ።

ኮሌጅ ሄድሁ። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ «ትራንስክሪፕት የሚለኝ ብዙ ነው፤ የተማርሁበትን ሰዓት ላኪልኝ ያለኝ ተማሪ ግን አላየሁም። ስትማሩ ከሰዓቱ ስትሸሹ አልነበር?» ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም ሰነዱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ትርጉም አላስፈለገውም፤ ሥርዓተ ትምህርቱን ከክፍሉ አስመጥታ ሁሉንም በኮሌጁ አድራሻ ላከችልኝ።

መልሱ የመጣው ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛው ኢሜይል ተሰብስበው ሻይ ሲጠጡ ነው። ትምህርትሽ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የሙያ ትምህርት ሆኖ ተይዟል፣ በአራት ዓመት ልምድ ማመልከት ትችያለሽ ይላል። እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው። በራሴ መጻፌን አንዳቸውም አልጠየቁኝም። ነጋዴው «ሁለተኛዋ ደብዳቤ ናት የሠራችው፤ እሷን ጥሩ አድርገን ነው የጻፍናት» አሉ። መምህሩም ሥራው የትርጉሙ እንደሆነ በትሕትና ጠቆም አደረጉ። መርቀውኝ፣ ተደስተው ሄዱ።

አጎቴ ግን ሻያቸውን እያማሰሉ ቀሩ።

«ደስ አላለዎትም?» አልኋቸው።

«ደስ ብሎኛል» አሉና ማንኪያውን አስቀምጠው፣ «እኔ ስንት ሽምግልና ሄጃለሁ። ነገሩ እንዲሆን ከተፈለገ አንድ ሰው ይሄድና ባጭሩ ተናግሮ ይመጣል። እንዳይሆን ከተፈለገ ብዙ ሰው ይሄዳል፣ ብዙ ይወራል» አሉ።

ያኔ ገባኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓርብ...»

«መመዝገቢያው ቢያልፍ ብዬ ነዋ። አንች ከሄድሽ ጀልባውን ማን ይበይድልኛል? ምሳስ ከማን ጋር እበላለሁ?»

ተናደድሁ። እንዲያ በሰው ተናድጄ አላውቅም። «አትሂጅብኝ አይሉኝም ነበር?» ብዬ ጮህሁባቸው፤ ለታላላቆቼ ክፉ መልሼ የማላውቀው እኔ።

«ምን ብዬ በቀጥታ እጠይቅሻለሁ?» አሉ፣ የምራቸውን። ንዴቴ ሳይወጣልኝ ሳቄ ቀደመኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ማመልከቻውን አስገባሁ። በጥቂት ቀን ድርጅቱ የሥራ ልምዴን እንዲያረጋግጡ ለአጎቴ ጻፈላቸው። ልጅቱ እርስዎ ዘንድ ሠርታለች? ስንት ዓመት? ምን ዓይነት ሥራ? መልሱ የሚፈለገው ከአሠሪው ከራሳቸው ነው፤ እኔ ልጽፍላቸው አልችልም። ኢሜይል ስላልነበራቸው ማመልከቻውን ሳስገባ መምህሩ በስማቸው አንድ አውጥተውላቸው ነበር። እሳቸው ዝም ካሉ ማመልከቻዬ ሳይሟላ ይቀራል። ሂዱልኝ ብዬ ሽማግሌ ልልክባቸው አሰብሁና ተውሁት፤ ብዙ ሰው ሲሄድ ምን እንደሚሆን ነግረውኛል። በቀጥታ ልጠይቃቸውም አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለካ እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ።

በሁለተኛው ቀን መምህሩ ስልኩን ይዘው ወርክሾፕ መጡ። አጎቴ «አንች ሂጅ፣ ኤሌክትሮድ አምጭ» አሉኝ። የብየዳ ኤሌክትሮድ ሞልቶን ነበር። ዞሬ ከጀልባው ጀርባ ቆምሁ።

«ጻፉ፣ መምህር» አሉ አጎቴ። «አዎ። አራት ዓመት ከእኔ ጋር በይዳለች። ብየዳዋ ውሃ አያስገባም። በቃ፣ ላኩት።»

መምህሩ ግራ ገባቸው። «ሰላምታስ፣ ሐጂ? ክረምቱን አንጠይቃቸውም?»

«ላኩት እባክዎ» አሉ አጎቴ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሰላምታ ካበዛሁ ሐሳቤን እቀይራለሁ።»