የእትዬ ትከሻ የተጎተተ ቀን

ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ የሰው ትከሻ ውስጥ ምን ጥልቅ እንዳደረገኝ እስካሁን አላውቅም። እኔን ብሎ ወጌሻ ጠሪ።

የባሌ ታላቅ እህት፣ እትዬ የምላት፣ መካኒሳ አቦ አጠገባችን ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት ጥጥ ፈትላ ነው የምታድረው። ፈትል ደግሞ እንዝርቱን ጭን ላይ አሹሮ ክንድን ወደ ጎን ወደ ላይ መሳብ ነው። ያን ዓመት ቀኝ ክንዷ ወደ ጎን ሲነሳ ያማት ጀመር፤ ቀስ እያለም ደረቀ። ጸጉሯን መጎንጎን እንኳ አቃታት። ያ ክንድ ካልተመለሰ የምትበላው የላትም።

«ይሄማ የኔው በሽታ ነው» አልኳት። እኔም በርበሬ ስወቅጥ ከርሜ ክንዴን ወደ ጎን ሳነሳ ይወጋኝ ነበር። ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ አሽቶኝ፣ ሙቀጫ አትንኪ ብሎኝ ቀለል ብሎኛል።

ያንኑ ወጌሻ አመጣሁት። ነካ ነካ አደረገና «ወልቋል» አለ።

«ሳልወድቅ ከምን ወለቀ?» አለች እትዬ። ማን ሰማት።

መደብ ላይ አስተኝቷት «እግሯን ያዢ» ቢለኝ እኔ ወጥቼ እግሯ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ወገቧን አቀፈ። ወጌሻው ተረከዙን ብብቷ ውስጥ ተክሎ ክንዷን መነጨቀው። ውስጡ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን።

እትዬ በግራ እጇ እንዝርቷን አንስታ የወጌሻው ጉንጭ ላይ ሰካችበት። እሱ በጥፊ አላት። ባሌ ዱላውን አንስቶ ግንባሩን ፈነከተው። እትዬ እኔን ሆዴ ላይ ረግጣ ከመደብ አወረደችኝ። ወጌሻው ደሙን እያንጠባጠበ ወጣ።

ክንዷ አብጦ ሲያድር ክሊኒክ ወሰድናት። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ አካሚ፣ አጥንቷ እንዳልተሰበረ አየና ክንዷን ራሱ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን አነሳው። ገና ከግማሽ ሳይደርስ ቆመ። ክርኗን ከጎኗ አስጠግቶ እጇን ወደ ውጭ ሊያዞር ቢል እሱም እምቢ አለ።

«የኔም እንዲሁ ነበር» አልኩት።

«እስቲ ነይ እህቴ» ብሎ የኔንም ያዘ። እኔ ሳነሳው መሃል ላይ ይወጋኛል፤ እሱ ሲያነሳው ግን እስከ ጆሮዬ ወጣ።

«ያንቺ ጅማቱ ነው የተጎዳው። የሷ ግን የመገጣጠሚያው ሽፋን ተኮማትሮ ነው፤ እኔም ባነሳው አይሄድም። ሲጎተት ይብሳል። ህመሙ በረድ ሲል በቀስታ ታወዛውዘው። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል እንጂ ይላቀቃል።»

እውነቱን ነበር። እስከዚያ እኔ ፈተልኩላት፤ ፈትሌን እያየች ትሰድበኛለች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት አጥር ስር ጠራችኝ። ቀኝ ክንዷን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን፣ ከዚያ ከጭንቅላቷ በላይ አነሳችው። ደስ ብሎኝ ስስቅ ያው እጅ ጉንጬ ላይ አረፈ። ጆሮዬ ጭው አለ።

ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፋ ታየን ነበር።

«ድናለች» አለች። «አንቺ ደግሞ ሲያንስሽ ነው።»