የርክክብ ማስታወሻው የዘለለው ቁጥር

በይፋት ቆላ በሠራሁበት የወረዳ ግብርና መሥሪያ ቤት የሰብል ግምቱን የኤክሴል ፋይል ያስረከቡኝ፣ ሥራውንም ያስተማሩኝ አንዲት ታላቅ ባልደረባዬ ነበሩ። ወደ ዞን ተዛውረው የጣርማ በርን ዳገት ከመውጣታቸው በፊት አራት ገጽ የርክክብ ማስታወሻ ጽፈው ሰጡኝ። ያን ያህል ጥንቁቅ ጽሑፍ ከባልደረባ ተቀብዬ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ሺት የስሌቱ መነሻዎች የሰፈሩበት ነው፤ ቀጥሎ ለየቀበሌው አንድ አንድ ሺት አለ፤ የመጨረሻው ማጠቃለያ ነው። በቀበሌው ሺት ገበሬው በጥማድ የተናገረው መሬት ለአራት ተካፍሎ ሄክታር ይሆናል፤ ሄክታሩ ከመነሻው ሺት በሚመጣው የሄክታር ምርት ይባዛል፤ ለዘር የሚቀመጠው ይቀነስና ቀሪው ለነዋሪው የወር ቀለብ ይካፈላል። መልሱ እህሉ ስንት ወር እንደሚያደርስ ይናገራል። ከስድስት ወር በታች የሆነው ቀበሌ ለእርዳታ ይመዘገባል። «የማሽላውን ምርት መነሻው ላይ ብቻ ቀይሪ፤ ሁሉም ቀበሌ ይከተላል» ይላል ማስታወሻው።

ማሽላው በሚያብብበት ጊዜ ዝናብ ባጣበት ዓመት ቁጥሩን መነሻው ላይ ዝቅ አደረግሁ፤ ማጠቃለያውንም ፈርሜ ወደ ዞን ላክሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጀውሃ ወንዝ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ቢሮዬ ገቡ። ቀበሌያቸው ከእርዳታው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

«ልጄ፣ ማሽላችን ማፍራቱን ማን ነገራችሁ? ወላሂ እኛ አልሰማንም። ሰምተን ቢሆን እንበላው ነበር።»

የቀበሌያቸውን ሺት ከፈትሁ። የሄክታር ምርቱ ቦታ ላይ ከመነሻው የሚጠራ ፎርሙላ አልነበረም፤ በእጅ የተመታ ቁጥር፣ የጥጋብ ዓመት ቁጥር ነበር። መነሻው ሲቀየር እሱ ንቅንቅ አላለም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የተጻፈውን አምኜ ሴሎቹን አንድ በአንድ አልፈተሽሁም።

ወዲያው ዞን ላሉት ለባልደረባዬ ደወልሁ።

«እትዬ፣ ይህን ቁጥር ያውቁታል?»

«ያኔ ቀበሌው ሞዴል ነው ተብሎ ለጉብኝት ታጭቶ ነበር። አለቃው ምርቱ እንዳይወርድ አሉ፤ እኔም መታሁት።»

«በማስታወሻው ለምን አልጻፉልኝም?»

«እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ይሰፍራል እንዴ? ጎበዝ ነሽ፣ ታገኚዋለሽ ብዬ ነው።»

«አሁን ሰዉ ተርቧል።»

«የማረሚያ ደብዳቤ ላኪ፣ እኔ እጅ ነው የሚደርሰው፤ ቶሎ አሳልፈዋለሁ። ግን የአንቺ የአሠራር ስህተት ብለሽ ጻፊው። የእኔ ስም ከገባበት ማጣራት ይባልና ይከርማል።»

ሽማግሌው ከፊቴ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። እትዬ እንዳሉኝ አድርጌ ጻፍሁ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ቀበሌው በሁለተኛው ዙር ተጨመረ። ከእህሉ አስቀድሞ ግን በእሳቸው ፊርማ የወጣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «ባለሙያዋ የተረከበችውን ፋይል በማስታወሻው መሠረት ባለመጠቀሟ» ይላል።