ከኋላ የሚከፈት ነጭ ቀሚስ

«ሲምፕል ይሁን» የሚል ደንበኛ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ጸጉር ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ምን እንደሚፈልግ መናገር ያቅተዋል፤ ያልፈለገውን ሲያይ ግን ምላሱ ይፈታል።

ሴትዮዋ የደወለችልኝ ከአሌክሳንድሪያ ነው፣ መኪና እየነዳች።

«ለእማዬ ነጭ ቀሚስ። ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ረጅም፣ ከኋላ የሚከፈት። ዚፕ አይኑረው። ሲምፕል አድርጊው።»

«ለምንድን ነው የሚለብሱት?» አልኳት።

«ባይ ፍራይደይ ይድረስልኝ ብቻ። ዘመድ ሁሉ ይመጣል፣ ከአገር ቤትም።»

«እንግዲያው ይምጡና ልለካቸው።»

«መምጣት አትችልም። የድሮ ቀሚሷን እልክልሻለሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሌላ ኮል እየገባብኝ ነው» ብላ ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ነጭ፣ ከኋላ ክፍት፣ መምጣት የማትችል እናት፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ። የእኛ ሰው ሞትን በስሙ አይጠራም፤ እኔም «አረፉ ወይ?» ብዬ ሐዘንተኛ አላስለቅስም። ሬሳ ለሚያሰናዳው ፊውነራል ሆም ከዚያ በፊትም ሰፍቼ ስለማውቅ ሥራው አዲስ አልነበረም።

አስከሬን እጁን አንስቶ አይለብስም። ስለዚህ ቀሚሱ ጀርባው ላይ ከአንገት እስከ ታች ይከፈታል። ከፊት በኩል ይነጠፍና እጆቹ በእጅጌው ይገባሉ፤ የተረፈው ጨርቅ ግራና ቀኝ ከሰውነቱ ሥር ይወሸቃል። አንገቱ ላይ አንድ ማሰሪያ ይበቃዋል። ጥለት የሚደረገው ለፊቱ ብቻ ነው፣ ጀርባውን የሚያየው የለም። እንደዚያ አድርጌ፣ በላከችልኝ የድሮ ቀሚስ ልክ፣ ነፍስ ይማር እያልኩ ሰፋሁት።

አርብ ጠዋት ሴትዮዋ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። የምትገፋው ዊልቸር ላይ እናቷ ተቀምጠዋል፣ ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥሎታል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። የልጅ ልጃቸው ሠርግ በማግስቱ ቅዳሜ ነበር ለካ። እኔ በድንጋጤ ቆሜ ሳለ ሴትዮዋ ቀሚሱን ከመስቀያው አውርዳ ጭናቸው ላይ አደረገችው። እሳቸው በግራ እጃቸው ገለበጡት፣ ባዶውን ጀርባ ዳሰሱት።

«ብዙ ሴት ገንዣለሁ» አሉ። «ይሄ የሬሳ ልብስ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይሄን ያህል ቸኮልሽ?»

«እማዬ ትሙት፣ እንዲህ አላልኩም!» ብላ ጮኸችብኝ።

«አትልፊ፣ እየሞትኩልሽ ነው» አሉ እናቲቱ።

«ከኋላ የሚከፈት አላልሽኝም?» አልኳት እኔም ጮክ ብዬ።

«እጇ አይነሳማ! ዊልቸር ላይ ናት!»

«ዊልቸር የሚል ቃል ከአፍሽ ወጥቷል?»

«አንቺስ አትጠይቂም?»

«ጠየቅኩሽ፣ ዘጋሽብኝ!»

እናቲቱ፣ ልጃቸው በስልክ ምን እንዳለችኝ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ያለችውን አንድም ቃል ሳልጨምር ደገምኩት። አልዋሸሁላትም፣ እልህ ይዞኝ ነበር። እሳቸው ግን በሰሙ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ፤ «መምጣት አትችልም» የሚለው ላይ ስደርስ ከልጃቸው ዓይናቸውን አነሱ። ልጅቱ መኪናዋ ውስጥ ልትጠብቅ ወጣች።

ተቀምጠው ለሚለብሱት ልብስ ስፌቱ ሌላ ነው። ጀርባው ቢከፈትም ሁለቱ ወገን ካልተደራረበ ገላ ይታያል፤ ስለዚህ ከተረፈኝ ሸማ ለሁለቱም ቅጥያ ጨመርኩና ትከሻው ላይ ጠቅ በሚል ቁልፍ እንዲያያዙ አደረግኩ። እጁ ተጎትቶ እንዳይገባ የቀኙን ብብት ፈትቼ አሰፋሁት። የጀርባውን ቁመት፣ ሲቀመጡበት እንዳይጠቀለልና እንዳይቆረቁራቸው ከመቀመጫቸው ላይ አሳጠርኩት፤ የፊቱን ግን ጉልበት ሲታጠፍ ስለሚያጥር አልነካሁትም።

«ጀርባው ላይም ጥለት አድርጊበት» አሉኝ።

«እማማ፣ ወንበሩ ይሸፍነዋል።»

«ይሸፍነው። በሕይወት ያለ ሰው ጀርባ አለው።»

አደረግኩበት። ልጅቱ ልትወስዳቸው ስትመለስ ቀሚሱን ለብሰው ነበር፣ አላመሰገነችኝም። እናቲቱ በሩ ላይ ዊልቸሩን አስቆሟት።

«ለሠርጉ ለብሼዋለሁ። ስሞት ይሄን እንዳታለብሺኝ። ሌላ አሰፊልኝ፤ ያኔ ለልብስ ሰፊዋ በደንብ ንገሪያት።»

ክረምቱ ሳይወጣ ስልኬ ጠራ። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት። ሰላም አላለችኝም።

«ነጭ ቀሚስ። ጀርባው ከአንገት እስከ ታች ክፍት፣ አንገቱ ላይ አንድ ማሰሪያ። ቅጥያ የለውም፣ ቁልፍ የለውም። ብብቱ ሁለቱም እኩል ይሁን። ጥለቱ ከፊትም ከኋላም።» ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። «ለምን እንደሆነ ልንገርሽ?»

«አትንገሪኝ» አልኳት።

«አይ፣ ትሰሚያለሽ» አለችና ነገረችኝ።