መቀስ

የእንጨት ፋብሪካችንን ጸሐፊ «መቀስ» እንላታለን። ያ አፉ የማይከደን አለቃችን ለሠራተኛ የሚለውን ሁሉ በድምፅ ይለፈልፍላታል፤ ስልኳ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፤ እሷ አሳጥራ ትልካለች።

ዛሬ በድምፅ መልእክቱ እንጨት ቆራጩን «ጥርስህን ነው የማረግፈው!» እያለ እናቱን ሳይቀር ሲሰድብ፣ መሃል ላይ «ሁለተኛው መጋዝ በራሱ ይነሳል» አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «አይ፣ ሦስተኛው ነው»። እሷም ለቆራጩ ላከች፦ «ሦስተኛው መጋዝ በራሱ እየተነሳ ነው። እስኪጠገን እጅህን እንዳታስገባ።»

አለቃው ይህን ሲያይ አንገቷን አንቆ ከግድግዳ አላተማት።

«ስድቤን ማን ቁረጪ አለሽ?»

ወዲያው ሦስተኛው መጋዝ እየጮኸ ተነሳና ላዩ ላይ የቀረውን ሳንቃ ሰነጠቀው። ቆራጩ ስልኩን እንደያዘ ራቅ ብሎ ቆሟል።

መቀስ ደሟን ተፋች።

«ከስድብህና ከጣቱ አንዱ መቆረጥ ነበረበት።»