«ሆዴን ነው» ያለችው ዋሪስ

ዋሪስን አንድ ጊዜ መጸዳዳት ሁለት ሰዓት ይወስድባታል። ግማሹን ሰዓት ሽንት ቤት ጥርሷን ነክሳ፣ የቀረውን ምንጣፍ ላይ በጎኗ ተኝታ ቃጠሎው እስኪበርድላት ትጠብቃለች። የሦስት ወር ልጇ ሂቦ ጡት ፈልጋ ስታለቅስ እንኳ ቀና ብላ መቀመጥ አትችልም።

ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነው። ዋሪስ ጅጅጋ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ግቢያችን አንድ ነው፤ የወለድነውም በአንድ ወር ስለሆነ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ከወሊዱ በኋላ ሆዷ ደረቀ፤ ከዚያ ስትጸዳዳ እንደ ምላጭ ይቆርጣት፣ ደማቅ ቀይ ደምም ይታያት ጀመር። ያልተበላ አይወጣም ብላ ምግቡንም ውሃውንም ቀነሰች። የሚወጣው ግን ይበልጥ እየደረቀ ያንኑ ቦታ መልሶ ይቀደዋል። ይባስ ብሎ ጡቷ ነጠፈ።

ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። የጤና ረዳቱን ደሬሳን አፍራ «ሆዴን ነው፣ ደም አለው» ብቻ ስላለችው ሁለቴም የአሜባ ክኒን ሰጣት። አማቷ እሜቴ ዓሻ ደግሞ ኪንታሮት ነው ብለው፣ የሚያቃጥል መድኃኒት የሚቀባ ሰው ሊያስጠሩ ነበር። በሁሉም ተናደድኩ፤ በዋሪስም ጭምር።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ አብሬያት ገባሁ። «ጋሽ ደሬሳ፣ ሆዷ አይደለም፤ መቀመጫዋ ነው» አልኩት። ዋሪስ ሻሿን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

ደሬሳ ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ሆዷን ሳክም ምነው ዝም አለችኝ?»

ሕመሙ ስትጸዳዳ ብቻ ነው ወይስ ቀን ከሌት ይጠዘጥዛል? እብጠት፣ ትኩሳትስ? እያለ ጠየቃት፤ ሁለቱም የለኝም አለችው። እብጠትና ትኩሳት ቢኖራት መግል የቋጠረ እባጭ ይሆናል፣ ተከፍቶ መፍሰስ አለበት አለ። የውስጥ ኪንታሮት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳያም ነው የሚደማው። ከዚያ መጋረጃ ጋርዶ፣ እኔ እጇን ይዤ፣ ጣት ሳያስገባ ገለጥ አድርጎ አየ።

«ስንጥቅ ነው። ማንም እንዳያቃጥለው» አለ።

ውሃ በብዛት ጠጪ፣ ፓፓያና ቅንጬ ብዪ፣ ሲመጣብሽ አትያዢው፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀመጪ አላት። በሁለት ወር ካልዳነ ሐረር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሊልካት ነው።

ለብ ያለ ውሃ! የሰፈሩ የውሃ ቦኖ ለአንድ ቤት በቀን አንድ ጀሪካን ነው የሚሰጠው። ዋሪስ ሁለተኛ ጀሪካን ብታሰልፍ ሴቶቹ «ምነው አባዮ፣ ምነው እህቴ፣ ግመል ገዛሽ እንዴ?» ብለው ሳቁባት። ባዶውን ይዛ ተመለሰች፤ የዚያን ዕለት አልተዘፈዘፈችም። በማግስቱ ከራሴ ቀነስኩላት፤ እኔም ቤት የሚታጠብ የልጄ ጨርቅ ተከመረ።

ደሬሳ ያዘዛትን ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ደሙ ቆሟል፣ ጡቷም እየተመለሰ ነው፤ ሕመሙ ግን አጠረ እንጂ አልለቀቃትም። ልጽፈው ነው ስላት፣ ስሜን ቀይሪና ይህን ንገሪልኝ አለች፦

«ወረፋ ላይ ሁለት ጀሪካን የያዘች ሴት ካያችሁ፣ ለምን ብላችሁ አትጠይቋት። አሳልፏት።»