ሰሊጥ የሚገዛበት ወር

የዘይት ፋብሪካውን ሒሳብ ሹም ሠራተኛው ሁሉ «ቀይ እስክርቢቶ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ማንም አይሞክረውም። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስፖንጁ አልቆ እንጨቱ ሲቆረቁራት ከቤቷ ትራስ አመጣች እንጂ ይቀየርልኝ ብላ አታውቅም። ቁጣ የማታውቅ ሴት ነበረች ማለት ይቻላል።

ያን ሰኞ ግን ደሟ ፈላ። ባለፋብሪካው አዲስ መጭመቂያ ለመትከል ከውጭ ባንክ አራት ሚሊዮን ዶላር ሊበደር ነው። ዋስትናው ፋብሪካውና ልጆቹን ያሳደገበት ቤት ናቸው። ባንኩ የብድሩን ቃሎች የዘረዘረበት ሰነድ በፈረንጅ አፍ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ብድሩን ያፈላለገው አፈ ቅቤ አማካሪ አንድ ገጽ አድርጎ ተረጎመው፤ ወለዱ አራት ተኩል በመቶ፣ ዕዳውን በፈለጉ ጊዜ ቀድሞ መክፈል ይቻላል፣ «ሌሎች የተለመዱ ግዴታዎች»። አለቀ። ለዚች ገጽና ለማስፈረሙ የብድሩን አንድ በመቶ፣ አርባ ሺህ ዶላር ይወስዳል።

እሷ አሥራ አንዱን ገጽ በምሳ ሰዓቷ፣ ምሳዋን ትታ አነበበችው። ከዚያ ደረጃውን ወጥታ ባለፋብሪካውና አማካሪው የተቀመጡበት ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ወለዱ አራት ተኩል አይደለም።»

«ተጽፏል እኮ» አለ አማካሪው ፈገግ ብሎ።

«የተጻፈው ‹ከመለኪያው ወለድ በላይ አራት ተኩል› ተብሎ ነው። መለኪያው፣ ማለት የዓለም ገበያው ወለድ፣ ዛሬ አራት አካባቢ ነው። ሲደመር ስምንት ተኩል። በየስድስት ወሩ ደግሞ እንደ ገበያው ይቀየራል። መለኪያው ከሁለት በታች ቢወርድም ሁለት ተብሎ ይታሰባል፤ ወደ ላይ ግን ገደብ የለውም። ቀድሞ መክፈልም ቅጣት አለው። በመጀመሪያው ዓመት ከሚከፈለው ሦስት በመቶ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አንድ። ጋሼ አሮጌውን መጋዘን በሁለተኛው ዓመት ሸጠው ሁለት ሚሊዮን ቢከፍሉ አርባ ሺህ ይቀጣሉ።»

ባለፋብሪካው መነጽሩን አወለቀ። «ይኼ ግን እስከዚህ ያበሳጫል? አንቺ እኮ ምንም አይጥምሽም።»

«እሱስ ገና ነው» አለች። ሰነዱን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «‹የተለመዱ ግዴታዎች› የተባለው ይኸው። ጠቅላላ ዕዳችን ከወለድ፣ ከግብርና ከማሽኖች የእርጅና ቅናሽ በፊት ካለው የዓመት ትርፋችን ሦስት እጥፍ እንዳያልፍ ይላል። ትርፋችን ሁለት ሚሊዮን ዶላር ነው። ልኩ የሚታየው በዓመት አንዴ፣ አዝመራው በሚያልቅበት ወር የመጨረሻ ቀን ነው።»

ባለፋብሪካው በጣቱ ቆጠረ። የዓመቱ ሰሊጥ የሚገዛው በዚያው ወር ነው። ለዚያም ከአገር ውስጥ ባንክ፣ በዶላር ሲታሰብ ሦስት ሚሊዮን ይበደራሉ፤ ዘይቱ እየተሸጠ በስድስት ወር ይመለሳል። አራቱና ሦስቱ ሰባት። ሰባት ለሁለት ሦስት ተኩል።

«አንድም ጥፋት ሳናጠፋ በየዓመቱ ውል አፍራሽ እንሆናለን» አለች። «ያን ጊዜ ባንኩ ሙሉውን ዕዳ አሁኑኑ ክፈሉ ሊል ይችላል። ካልከፈልን ቤቱን።»

«ባንኮች ይህን ቀን አይለውጡም» አለ አማካሪው። «ሰዓትም የለንም። ዓርብ ካልተፈረመ ያመልጠናል።»

ባለፋብሪካው ግን ስልኩን አንስቶ ባንኩ ጋ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ብድሩን ከያዘችው የባንኩ ሴትዮ ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተነጋገረችው ሒሳብ ሹሟ ናት። ቀኑ ሰሊጡ ተሽጦ ወደሚያልቅበት ወር ይዛወር ስትል ሴትዮዋ ሳታንገራግር ለብድር ኮሚቴው አቀርበዋለሁ፣ ችግር አይታየኝም አለች። ቀድሞ የመክፈያውን ቅጣት ግን አንነካም አለች። ቀጥላም ግራ የገባት ይመስል፣ የግዥ ወቅታችሁን ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ጠይቀን ነበር፤ አማካሪያችሁ ‹ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው› ብሎ መለሰልን አለች።

ሒሳብ ሹሟ ተረጎመች። አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ መጨመር አላስፈለጋትም።

«መጋዘናችንን ገብተህ አይተኸው ታውቃለህ?» አለ ባለፋብሪካው።

«ፎቶ ተልኮልኛል።»

ስንፍና ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። ይህ ንቀት ነው፤ የሰው ቤት ሊያሲዝ የመጣ ሰው የቤቱን ሥራ ለማየት አንድ ቀን ሲሰስት። አማካሪው ቦርሳውን እየዘጋ፣ በውላችን መሠረት ሰነዱ ባይፈረምም ግማሽ ክፍያዬ አይቀርም አለ። የዚያን ውል ቅጂም ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ባለፋብሪካው ቅጂውን ወደ እሷ ገፋው። አነበበችው። ልክ ነው፤ በአራተኛው አንቀጽ ተጽፏል፤ ከሥሩም የጋሼ ፊርማ።

«ይህን ሲፈርሙ አንብበውት ነበር?» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

ባለፋብሪካው ጎንበስ ብሎ የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። የኪራይ፣ የኢንሹራንስ፣ የማሽን ግዥ ውሎች በላስቲክ ታስረው እስከ አፉ ሞልተውታል። አውጥቶ ከፊቷ ደረደራቸው።

«እነዚህንም» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።